አምፖሉ ሲበራ ማራገቢያው ለምን ጠፋ?

በእንጨት ሳጥን የሚሠራ የጫጩት መፈልፈያ ብዙ ዕቃ አይጠይቅም። ሙቀት የሚሰጥ አምፖል፣ ሙቀቱን በሳጥኑ ውስጥ የሚያዳርስ ማራገቢያ፣ እንቁላሎቹን እያገላበጠ የሚያዞር ትንሽ ሞተር፣ ችግር ሲኖር የሚጮህ ደወል፣ ደወሉን ዝም የሚያሰኝ መጫኛ ቁልፍ፣ በሩ መከፈቱን የሚናገር ስዊች፤ በቃ። የዶሮ እንቁላል ለመፈልፈል 21 ቀን ይፈልጋል። ማራገቢያ ባለው መፈልፈያ ውስጥ ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መቆየት አለበት። ይህን ሁሉ አርዱዊኖ ኡኖ የምትባለው አነስተኛ ሰሌዳ ያለ ችግር ልትመራው ትችላለች።

ፕሮግራሙን የጻፈው ወጣት ግን አንድ ቀን ግራ ይጋባል እንበል። ሙቀቱ ሲወርድ አምፖሉ በትክክል ይበራል። አምፖሉ በበራበት ቅጽበት ግን ማራገቢያው ይቆማል። ይባስ ብሎ ማንም ሳይነካው ቁልፉ የተጫነ ይመስላል፤ እጅ ወደ ሽቦው ሲጠጋ ደግሞ ይብስበታል። ሪሌዩን ይቀይራል፣ ሽቦውን ይፈትሻል፣ የኃይል ምንጩን ይጠረጥራል። ጥፋቱ ያለው ግን ከሽቦው ላይ ሳይሆን በዚህች መስመር ውስጥ ነው፦

```c
PORTD = 0b00010000;
```

መስመሯ ስህተት አትመስልም። ኮምፓይለሩም ያለ አንዳች ቅሬታ ይቀበላታል። ጸሐፊው የፈለገው አምፖሉን ማብራት ነበር፤ አምፖሉም በርቷል። ያላሰበው ነገር ቢኖር መስመሯ ስለ አምፖሉ ብቻ ሳይሆን ስለ ሌሎቹ ሰባት ፒኖችም ትእዛዝ መስጠቷን ነው።

በኡኖ ሰሌዳ ላይ ያለው ማይክሮኮንትሮለር ኤቲሜጋ328ፒ ይባላል። ፒኖቹን ከዓለም ጋር የሚያገናኘው ፖርት በሚባሉ ቡድኖች ከፋፍሎ ነው። ፖርት ዲ ስምንት ፒን አለው። እነዚህም በሰሌዳው ላይ ከ0 እስከ 7 ቁጥር የተጻፈባቸው ናቸው። እያንዳንዱን ፖርት ሦስት ሬጅስተሮች ያስተዳድሩታል፤ ሬጅስተር ማለት እዚህ ላይ ስምንት ቢት የሚይዝ ትንሽ የማስታወሻ ቦታ ነው። DDRD ፒኑ ገቢ ይሁን ወጪ ይወስናል፤ ቢቱ 1 ከሆነ ወጪ፣ 0 ከሆነ ገቢ ነው። PORTD ወጪ በሆኑት ፒኖች ላይ 5 ቮልት ይውጣ ወይስ ዜሮ የሚለውን ይይዛል። PIND ደግሞ በዚያች ቅጽበት በፒኑ ላይ በእውነት ያለውን ቮልቴጅ ያሳያል።

PORTD ሁለተኛ ሥራም አለው፤ የብዙዎች ጣጣ የሚመጣውም ከዚያ ነው። ፒኑ ገቢ ሲሆን በPORTD ላይ የሚጻፈው 1 ቮልቴጅ ማውጣቱ ይቀርና በቺፑ ውስጥ ያለውን ፑል አፕ ሬዚስተር ያገናኛል። ይህ ከ20 እስከ 50 ኪሎ ኦም የሚደርስ ሬዚስተር ቁልፉ ባልተጫነ ጊዜ ፒኑን ወደ 5 ቮልት ስቦ ያቆየዋል። ቁልፉ ሲጫን ፒኑ ከመሬት ጋር ይገናኝና ዜሮ ይነበባል። ፑል አፑ ከተቋረጠ ግን ያልተጫነ ቁልፍ ያለበት ፒን ከምንም ጋር ያልተያያዘ አንቴና ይሆናል። በአካባቢው ካለው የ50 ኸርዝ የመብራት መስመር የሚመጣ ጥቂት ረብሻ ወይም የተጠጋ እጅ ብቻ 1ና 0 እያፈራረቀ እንዲነበብ ያደርገዋል።

በመፈልፈያችን ላይ ፖርት ዲ እንዲህ ተመድቧል። ቢቶች የሚቆጠሩት ከቀኝ ጀምሮ፣ ከዜሮ ተነሥቶ መሆኑ አይረሳ። ቢት 0 እና 1 ከኮምፒዩተር ጋር ለሚደረገው ሲሪያል ግንኙነት ተይዘዋል። ቢት 2 ቁልፉ ነው፤ ቢት 3 የበሩ ስዊች። ከዚያ ወዲያ አምፖሉ በ4፣ ማራገቢያው በ5፣ ሞተሩ በ6፣ ደወሉ በ7 ላይ ናቸው። ማራገቢያው እየሠራ፣ ሁለቱ ፑል አፖች ተገናኝተው፣ የቀረው ሁሉ ጠፍቶ ሳለ PORTD ውስጥ የሚገኘው 00101100 ነው። እንግዲህ ያቺ መስመር 00010000 ስትጽፍበት ቢት 4 ወደ 1 ተቀየረ፤ ቢት 5 ግን ወደ 0 ወረደ፤ ማራገቢያው የቆመው ለዚህ ነው። ቢት 2 እና 3ም ወደ 0 ወረዱ፤ ፑል አፖቹ ጠፉ፤ ቁልፉ መናፍስት የሚጫኑት መሰለ። ሦስቱም ምልክቶች የአንድ ጥፋት ልጆች ናቸው።

የችግሩ ሥር ማይክሮኮንትሮለሩ በእኩል ምልክት ሲታዘዝ ስምንቱን ቢት በአንድ ጊዜ መጻፉ ነው። “አራተኛውን ብቻ ቀይር፣ ሌላውን ተወው” የሚል ትርጉም በእኩል ምልክት ውስጥ የለም። ስለዚህ ፕሮግራመሩ የነበረውን ማንበብ፣ በተነበበው ላይ የሚፈልገውን ቢት ብቻ መለወጥ፣ ውጤቱን መልሶ መጻፍ አለበት። ለመለወጡ ሥራ የሚያገለግለው መሣሪያ ማስክ ይባላል።

በጋራዥ የመኪና በር ቀለም የሚረጭ ባለሙያ መርጫውን ከማንሣቱ በፊት መስታወቱንና መብራቱን በጋዜጣና በፕላስተር ይሸፍናል። መርጫው የት መርጨት እንዳለበት አያውቅም፤ ያገኘውን ሁሉ ይቀባል። ወሰኑን የሚያበጀው ሽፋኑ ነው። የቢት ማስክም ሥራው ይኸው ነው፤ ስምንት ቢት ያለው ቁጥር ሆኖ ሊነካ የሚገባው ቦታ ላይ 1፣ ሊነካ በማይገባው ላይ 0 ይቀመጥበታል።

ማስኩን በእጅ መጻፍ ይቻላል፤ የአምፖሉ 00010000 ነው። ዜሮ መቁጠር ግን ዓይንን ያታልላል። ባለሙያዎች የሚመርጡት 1ን ወስደው በሚፈለገው ቁጥር ያህል ወደ ግራ መግፋት ነው። በሲ ቋንቋ `1 << 4` ማለት 00000001ን አራት እርምጃ ወደ ግራ ገፍቶ 00010000 ማድረግ ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል፤ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16። ለቺፑ የተዘጋጀው ሄደር ፋይል PD4 የሚለውን ስም 4 ብሎ ስለሚተረጉመው `1 << PD4` ብሎ መጻፍ ይቻላል። አንባቢውም ምን ቢት እንደተነካ ጣት ሳይቆጥር ያውቃል።

አሁን አምፖሉን በትክክል እናብራ።

```c
PORTD |= (1 << PD4);
```

ቀጥ ያለችው መስመር ኦር ናት። ሁለት ቢቶች ጎን ለጎን ሲታዩ ከሁለቱ አንዱ 1 ከሆነ ውጤቱ 1 ነው። ከ0 ጋር ኦር የተደረገ ቢት እንደነበረ ይቀራል፤ ከ1 ጋር የተደረገ ግን የቀድሞው ምንም ይሁን ምን 1 ይሆናል። የነበረው 00101100፣ ማስኩ 00010000፣ ውጤቱ 00111100። አምፖሉ በራ፤ ማራገቢያው አልቆመም፤ ፑል አፖቹም በቦታቸው ናቸው። አምፖሉ ቀድሞውኑ በርቶ ቢሆን እንኳ ምንም አይበላሽም።

ለማጥፋት ኦር አያገለግልም፤ በኦር 1ን ወደ 0 ማውረድ አይቻልም። የሚያስፈልገው ኤንድ ነው፤ ምልክቱ & ሲሆን ሁለቱም 1 ሲሆኑ ብቻ 1 ይሰጣል። እዚህ ላይ የማስኩ ነገር ይገለበጣል። ከ1 ጋር ኤንድ የተደረገ ቢት እንደነበረ ይቆያል፤ ከ0 ጋር የተደረገው ይጠፋል። ስለዚህ ማስኩ በሚጠፋው ቦታ ላይ 0፣ በሌላው ሁሉ 1 ሊኖረው ይገባል። ያንን የሚያደርገው ~ የተባለው ምልክት ነው፤ ቢቶቹን አንድ በአንድ ይገለብጣል። 00010000 ሲገለበጥ 11101111 ይሆናል።

```c
PORTD &= ~(1 << PD4);
```

00111100 ከ11101111 ጋር ኤንድ ሲደረግ ተመልሶ 00101100 ይወጣል። አምፖሉ ጠፋ፤ ሌላው ማንም አልተንቀሳቀሰም።

ደወሉ እየጮኸ እየተወ እንዲሄድ ከተፈለገ አሁን በርቷል ወይስ ጠፍቷል ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም። ኤክስኦር፣ ማለትም ^ ምልክት፣ ሁለቱ ቢቶች ሲለያዩ 1 ይሰጣል፤ ሲመሳሰሉ 0። ከ1 ጋር የተገናኘ ቢት ይገለበጣል፤ ከ0 ጋር የተገናኘ አይነካም። `PORTD ^= (1 << PD7);` የሚለው በየግማሽ ሰከንዱ ቢፈጸም 00101100 ወደ 10101100፣ ከዚያ እንደገና ወደ 00101100 ይመላለሳል። ደወሉም በዚያው ምት ይጮኻል።

አራተኛው ሥራ መጠየቅ ነው፤ ቁልፉ ተጭኗል? ለዚህ የሚነበበው PIND ነው። PORTD የሚነግረን እኛ ያዘዝነውን ነው፤ በፒኑ ላይ ያለው እውነት የሚታየው በPIND ነው። PIND ሲነበብ ግን ስምንቱም ፒኖች በአንድ ላይ ይመጣሉ። ኤንድ ስናደርገው ከቢት 2 በቀር ሁሉም ዜሮ ይሆናሉ፤ የቀረው ዜሮ ከሆነ ቁልፉ ተጭኗል ማለት ነው፣ ፑል አፕ ሲኖር ነገሩ የተገላቢጦሽ ነውና።

```c
if (!(PIND & (1 << PD2))) {
    PORTD &= ~(1 << PD7);
}
```

ቁልፉ ከተጫነ ደወሉ ዝም ይበል ነው። በነገራችን ላይ ገበያ ላይ ከሚገኙት የሪሌይ ሞጁሎች ብዙዎቹም እንዲሁ በተገላቢጦሽ የሚሠሩ ናቸው፤ 0 ሲሰጣቸው ይበራሉ። አንድ ሰው እንዲህ ያለ ሞጁል ገዝቶ አምፖሉን “ሲያጠፋ” ቢበራበት ጥፋቱ የማስኩ አይደለም፤ ኦሩንና ኤንዱን ማቀያየር ብቻ ይበቃዋል።

ከአንድ በላይ ቢት በአንድ ጊዜ መንካት ሲያስፈልግ ማስኮቹ እርስ በርሳቸው ኦር ይደረጋሉ። የመፈልፈያው ፕሮግራም ሲጀምር ፒኖቹን የሚያዘጋጀው እንዲህ ብሎ ነው፦

```c
DDRD  |=  (1 << PD4) | (1 << PD5) | (1 << PD6) | (1 << PD7);
DDRD  &= ~((1 << PD2) | (1 << PD3));
PORTD |=  (1 << PD2) | (1 << PD3);
```

አራቱ ወጪ ሆኑ፣ ሁለቱ ገቢ፣ ለሁለቱም ፑል አፕ ተገናኘላቸው። የሲሪያሉ ሁለት ፒኖች በሦስቱም መስመር ውስጥ ስማቸው አልተነሣም፤ ስላልተነሣም አልተነኩም። በሁለተኛው መስመር ያለው የውጭ ቅንፍ ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም። እሱ ከሌለ ~ የሚገለብጠው የመጀመሪያውን ማስክ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ማስኮች ከመገለበጣቸው በፊት መዋሃድ አለባቸው።

እስካሁን ያለው ቀላል ነው፤ በወረቀት ላይ አንዴ የሠራው ሰው አይረሳውም። ስህተቶቹ ግን ከዕውቀት ማነስ ይልቅ ከጣት ፍጥነት ይመጣሉ፤ አብዛኞቹም ኮምፓይለሩ ሳያያቸው ያልፋሉ።

በጣም የተለመደው መግፋቱን መርሳት ነው፤ `PORTD |= PD4;` ብሎ መጻፍ። PD4 ማለት ማስክ ሳይሆን 4 የሚል ተራ ቁጥር መሆኑን እናስታውስ። 4 ደግሞ በቢት ሲጻፍ 00000100 ነው፤ የቁልፉ ቦታ! በመፈልፈያችን ያ ቢት አስቀድሞ 1 ስለሆነ ምንም አይከሰትም፤ አምፖሉ አይበራም፣ ሌላም የተበላሸ ነገር አይታይም። ማጥፊያው መስመር `PORTD &= ~PD4;` ተብሎ ሲጻፍ ግን የቁልፉ ፑል አፕ ይቋረጣል። አምፖል “የሚያጠፋ” መስመር ቁልፍ ሲያሳብድ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሽቦውን ቢሆን አይፈረድበትም።

ሁለተኛው ~ን በ! መቀየር ነው። ሁለቱም “አይደለም” የሚል ስሜት አላቸው፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። ~ ቢት በቢት ይገለብጣል። ! ግን ጠቅላላውን ቁጥር አይቶ ዜሮ ካልሆነ 0 ይላል። እንግዲህ `PORTD &= !(1 << PD4);` ማለት PORTDን ከ0 ጋር ኤንድ ማድረግ ነው፤ ማራገቢያው፣ ሞተሩ፣ ደወሉ፣ ፑል አፑ፣ ሁሉም በአንድ ምት ይወድቃል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ አንዱን ሊያጠፋ የተነሣ ሁሉንም ካጠፋ ~ መሆኑን ማየት።

ሦስተኛው የሚደርሰው በመጠየቁ ላይ ነው። `(PIND & (1 << PD2)) == 1` የሚል ጥያቄ መቼም እውነት አይሆንም። ቢት 2 ሲገኝ የሚወጣው ውጤት 4 እንጂ 1 አይደለምና። ትክክለኛው ጥያቄ “ዜሮ ነው ወይስ ዜሮ አይደለም” የሚለው ነው። `PIND & (1 << PD2) == 0` ብሎ ቅንፍ መንፈግም ወጥመድ ነው። ሲ ውስጥ == ከ& ይቀድማል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ማስኩ ከዜሮ ጋር ይነጻጸራል፣ መልሱ 0 ይሆናል፣ ከዚያ PIND ከ0 ጋር ኤንድ ይደረጋል። ቁልፉ ምንም ቢጫን ፕሮግራሙ አይሰማም። ይህ እንግዳ የሚመስል ቅደም ተከተል ታሪክ አለው። ከሲ በፊት በነበረው ቢ በተባለው ቋንቋ & ለሁለት ዓይነት ሥራ ያገለግል ነበር። ዴኒስ ሪቺ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቤል ላብስ ሲን ሲያበጅ && የተባለውን ለይቶ ጨመረ። የ&ን ቦታ ግን ቀድሞ የተጻፉ ፕሮግራሞች እንዳይበላሹ ሲል እንደነበረ ተወው። የዚያን ጊዜው ይሉኝታ ዕዳ ዛሬም በቅንፍ ይከፈላል። የኮምፓይለሩ ማስጠንቀቂያ ከተከፈተ ይህን ስህተት ይጠቁማል፤ በአርዱዊኖ ፕሮግራም ግን ማስጠንቀቂያው ካልከፈቱት በቀር አይታይም።

እንዲህ ያለ ነገር ሲያጠራጥር አጭሩ መፍትሔ ሬጅስተሩን ራሱን ማየት ነው። ከተጠረጠረችው መስመር በፊትና በኋላ `Serial.println(PORTD, BIN);` ቢጻፍ የተለወጡት ቢቶች በስክሪን ላይ ይወጣሉ። አንድ ቢት ብቻ መለወጥ ሲገባው ሁለት ከተለወጡ ጥፋተኛው ተያዘ። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ይህ ትእዛዝ በግራ ያሉትን ዜሮዎች አያትምም፤ 00101100 የሚወጣው 101100 ሆኖ ነው። ከግራ የሚቆጥር ሰው ማራገቢያውን ከደወሉ ጋር ያምታታል፤ ሁልጊዜ ከቀኝ ይቆጠር።

ቀጥሎ የሚመጣው ችግር ግን በስክሪን ላይም በቀላሉ አይታይም። ማስኩ ትክክል፣ ቅንፉ ትክክል ሆኖ ሳለ ጎረቤት ፒን የሚነካበት መንገድ አለ።

የመፈልፈያው በር ሲከፈት ሞተሩ ወዲያው መቆም አለበት እንበል፤ እጅ የሚገባበት ሳጥን ነውና። ቢት 3 ኤቲሜጋ328ፒ ላይ INT1 የሚባለው የኢንተራፕት መግቢያ ስለሆነ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። በሩ ሲከፈት ቺፑ የያዘውን ሥራ አቋርጦ `PORTD &= ~(1 << PD6);` የሚለውን ይፈጽምና ወደነበረበት ይመለሳል። ዋናው ፕሮግራም በዚያው ሰዓት ደወሉን እየገለበጠ ነው፤ `PORTD ^= (1 << PD7);`። ይህች አንድ መስመር ለቺፑ አንድ ሥራ አይደለችም። PORTDን ያነባል፣ ቢቱን ይገለብጣል፣ መልሶ ይጽፋል። ኢንተራፕቱ በማንበቡና በመጻፉ መካከል ቢመጣስ? የተነበበው ቁጥር ሞተሩ ሲዞር የነበረውን ሁኔታ ይዟል፤ ቢት 6 1 ነው። ኢንተራፕቱ ገብቶ ሞተሩን ያቆማል። ዋናው ፕሮግራም ሲመለስ ግን በእጁ ያለውን አሮጌ ቁጥር፣ ቢት 7 ብቻ ተገልብጦ፣ ይጽፈዋል። ሞተሩ እንደገና ይነሣል። በሩ ክፍት ነው፤ ኢንተራፕቱ የሚጠራው በሩ በሚከፈትበት ቅጽበት ብቻ ስለሆነ ደግሞ የሚያቆመው የለም።

ኡኖ በ16 ሜጋኸርዝ ስትሠራ አንድ ምት 62.5 ናኖ ሰከንድ ይወስዳል። ይህ አደጋ የሚደርስበት ክፍተት ከማይክሮ ሰከንድ አንድ አምስተኛ አይሞላም። በሩ መቶ ጊዜ ተከፍቶ ሞተሩ መቶ ጊዜ በትክክል ሊቆም ይችላል። አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ስህተቱ ሲፈልጉት አይገኝም፤ እንቁላል ተሞልቶበት እጅ በገባበት ዕለት ሊመጣ ይችላል።

አንዱ ማምለጫ ሦስቱ እርምጃዎች እስኪያልቁ ድረስ ኢንተራፕትን መዝጋት ነው። ለኤቪአር ቺፖች የተዘጋጀው `util/atomic.h` ይህን ያቀላል፦

```c
ATOMIC_BLOCK(ATOMIC_RESTORESTATE) {
    PORTD ^= (1 << PD7);
}
```

በቅንፉ ውስጥ ያለው ሳይቋረጥ ያልቃል፤ ከዚያ የኢንተራፕቱ ሁኔታ ወደነበረበት ይመለሳል። ሌላው መንገድ የቺፑ ሠሪዎች ያሰቡበት ነው። ኤቲሜጋ328ፒ ላይ በPIND ላይ 1 ከተጻፈ ቺፑ ራሱ ያንን የPORTD ቢት ይገለብጠዋል። `PIND = (1 << PD7);` ማንበብ የለበትም፤ 0 የተጻፈባቸው ቢቶች አይነኩም፤ ስለዚህ በመካከል የሚገባ ነገር የለም። እዚህ ላይ እኩል ምልክት ብቻውን መቆሙ ትክክል ነው፤ `|=` ማለት ግን ለማንበብና ለመመለስ በር ይከፍታል፤ 1 ሆነው የተነበቡት ሌሎች ወጪ ፒኖችም ሊገለበጡ ይችላሉ።

አንድ ቢት ብቻ ማብራትና ማጥፋት ግን በዚህ ቺፕ ላይ ከአደጋው ነጻ ነው። ኤቪአር SBI እና CBI የሚባሉ፣ በተወሰኑ ሬጅስተሮች ላይ አንድ ቢት ብቻ የሚነኩ ትእዛዞች አሉት። ኮምፓይለሩ ኮዱን እንዲያጠብቅ ሲታዘዝ፣ አርዱዊኖም ይህን ሁልጊዜ ያዝዛል፣ `PORTD |= (1 << PD4);` ወደ አንድ SBI ይለወጣል። አንድ ትእዛዝ መካከሉ የለውም፤ ሊቋረጥም አይችልም። ማስኩ ሁለት ቢት ከያዘ፣ ወይም የቢቱ ቁጥር ተለዋዋጭ ሆኖ `1 << n` ተብሎ ከተጻፈ ግን ወደ ሦስቱ እርምጃዎች ይመለሳል። ለዚያውም ኤቪአር በአንዴ ብዙ እርምጃ መግፋት ስለማይችል አንድ አንድ እያለ እየዞረ ነው የሚገፋው።

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው “ታዲያ digitalWrite ምን ሊሠራ ነው?” ማለቱ አይቀርም። መልሱ ያው ይህንኑ ነው። የዚያ ፈንክሽን ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ቢከፈት ኢንተራፕት ሲዘጋ፣ ከዚያ ማብሪያው `*out |= bit;` ማጥፊያው `*out &= ~bit;` ሆኖ፣ መጨረሻ ላይ የኢንተራፕቱ ሁኔታ ሲመለስ ይታያል። የፒኑን ቁጥር ወደ ፖርትና ወደ ማስክ ለመተርጎም ሠንጠረዥ ስለሚያማክር ግን ጥቂት ማይክሮ ሰከንዶች ይወስዳል፤ SBI የሚፈልገው ሁለት ምት ብቻ ነው። ለመፈልፈያ አምፖል ልዩነቱ ምንም አይደለም፤ digitalWriteን መጠቀም የሚያሳፍር አይሆንም። በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ለሚነቃነቅ ፒን ግን ፖርቱን በቀጥታ መንካት ግድ ይሆናል።

ሌሎች ቺፖች የራሳቸው ጠባይ አላቸው። እንደ ፒአይሲ16ኤፍ84 ባሉት የቀድሞ ፒአይሲዎች PORTBን ማንበብ ማለት የታዘዘውን ሳይሆን በፒኑ ላይ ያለውን ቮልቴጅ ማንበብ ነበር። ከባድ ጭነት የተጫነበት ፒን 1 ተብሎ ታዝዞ ሳለ ዝቅ ብሎ 0 ከተነበበ፣ ሌላ ቢት ሲለወጥ ያ ስህተት ተመልሶ ይጻፍና ፒኑ ይጠፋል። በኋላ የመጡት ፒአይሲ18 ቺፖች LAT የሚባል ሬጅስተር ጨምረው ታዘዘውን ከተነበበው ለዩ። ኤስቲኤም32 ደግሞ ማንበብን ጨርሶ አስቀረ። BSRR በሚባለው ባለ 32 ቢት ሬጅስተር ታችኛዎቹ 16 ቢቶች ያበራሉ፣ ላይኛዎቹ 16 ያጠፋሉ፤ 0 የተጻፈበት ቦታ ትርጉም የለውም። እዚያም ቢሆን ማስኩ የሚሠራው ያው 1ን ገፍቶ ነው።

እንዲህ ያለ መሣሪያ ሠርቶ የሚጠቀም ሰው ዛሬውኑ ኮዱን ከፍቶ `PORTD =` የሚለውን ይፈልግ፤ PORTB እና PORTCንም እንዲሁ። ከእኩል ምልክቱ በፊት |፣ & ወይም ^ የሌለበት መስመር ሁሉ ስምንቱንም ፒን እያዘዘ ነው። በፕሮግራሙ መነሻ ላይ አንዴ ከሆነና ሆን ተብሎ ከተጻፈ ይቆይ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ግን ይስተካከል። ኢንተራፕት የሚጠቀም ከሆነም በኢንተራፕቱ ውስጥና በውጭ ሁለቱም የሚነኩት ፖርት እንዳለ ይይ፤ ካለ በውጭ ያለውን መስመር በ`ATOMIC_BLOCK` ውስጥ ያስገባው።